ሃያ ሺህ ሳጥን፣ ሁለት ሰው

ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው የተነሡትን ፎቶግራፍ በምስል ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ለሚያመለክት ፕሮግራም ሰጠነው እንበል። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ሰው ዙሪያ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ አናት ላይ «ሰው» የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑም እንደ 0.95 ያለ ቁጥር። ለሚያየው ሰው፣ ማሽኑ ሁለቱን ሰዎች አይቶ ዙሪያቸውን ያሰመረ ይመስላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሁለት ሳጥኖች ብቻቸውን ከመቅረታቸው በፊት በሥዕሉ ላይ ሃያ ሺህ ያህል ሳጥኖች ተደርድረው ነበር። ሥራው በአብዛኛው የማጣራት ሥራ ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ አንድ ተራ ክፍልፋይ ነው። ይህ ክፍልፋይ አንዳንድ ጊዜ የቆመን ሰው ከሥዕሉ ይሰርዛል፤ እንዴት እንደሚሰርዝ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሳጥኖቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድን ፎቶ አይቶ «ይህ ውሻ ነው» ማለት አንድ ጥያቄን መመለስ ነው። «ውሻው የት ጋ ነው? ስንትስ ናቸው?» ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የመልሱ ብዛት አስቀድሞ አይታወቅምና። ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ በ2001 ያቀረቡት የፊት መፈለጊያ ይህን የተወጣው ትንሽ መስኮት በሥዕሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንሸራተተ፣ መጠኑን እየለዋወጠ፣ በየቦታው «እዚህ ፊት አለ?» እያለ በመጠየቅ ነበር። ከፊት ለፊት የሚታይ ፊት ቅርጹ ብዙም ስለማይለያይ አንድ ዓይነት መስኮት በቃው። ለሰውም ለአውቶቡስም ለጠርሙስም ይሁን ሲባል ግን አይበቃም። በ2014 የወጣው አር-ሲኤንኤን የተባለው ዘዴ፣ የሆነ ነገር ሊገኝባቸው ይችላል የተባሉ 2,000 ያህል ቦታዎችን አስቀድሞ ያስመርጥና እያንዳንዱን ቆርጦ ለየብቻው በኒውራል ኔትወርክ ያስመረምር ነበር። ትልቅ ኔትወርክ ሲገጠምለት በአንድ ፎቶ ላይ 47 ሰከንድ ይቆያል። ለጥናት ካልሆነ ለምንም የማይሆን ፍጥነት ነው።

በ2015 ሻኦቺንግ ሬን፣ ካይሚንግ ሄ፣ ሮስ ጊርሺክና ጂያን ሱን ፋስተር አር-ሲኤንኤን የተባለውን አሠራር ይዘው መጡ፤ በተመሳሳይ ትልቅ ኔትወርክ በሰከንድ አምስት ፎቶ ያህል ተመረመረ። ቦታዎቹን በሌላ ዘዴ ማስመረጡን ትተው ሳጥኖችን አስቀድመው በሥዕሉ ላይ ደረደሩ። መልህቅ ሳጥን ወይም አንከር ቦክስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

አደራደራቸው ይህን ይመስላል። ሥዕሉ በአግድም 1,000፣ በቁመት 600 ፒክስል ነው እንበል። ኔትወርኩ ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ እየጨመቀ ይሄድና በመጨረሻ አሥራ ስድስት ጊዜ ያነሰ ሰንጠረዥ ይተርፋል፤ በአግድም 60፣ በቁመት 40 ያህል ነጥቦች፣ በድምሩ ወደ 2,400 ማለት ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ዘጠኝ ሳጥኖች ይተከላሉ። መጠናቸው ሦስት ዓይነት ነው፤ ስፋታቸው የ128፣ የ256 እና የ512 ፒክስል ካሬ ያህል። ቅርጻቸውም ሦስት ዓይነት ነው፤ እኩል ጎን ያለው፣ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነና ወርዱ የቁመቱ እጥፍ የሆነ። ቀጭኑና ረጅሙ ለቆመ ሰው ይመቻል፤ ሰፊውና አጭሩ ከጎኑ ለሚታይ መኪና። 2,400 በዘጠኝ ሲባዛ 21,600 ይሆናል፤ ሃያ ሺህ ያልነው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሳጥኖቹ ሥዕሉን አላዩም። የሠርግ ፎቶም ይሁን የአውራ ጎዳና፣ ቦታቸውና መጠናቸው ያው ነው። ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሱሪ ናቸው፤ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በተወሰኑ ቁጥሮች ተዘጋጅተዋል፣ የሚመጣው ሰው ለሰውነቱ የሚቀርበውን ያነሣና የተረፈውን ልብስ ሰፊው ያስተካክለዋል። ኔትወርኩ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚመልሰውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «በዚህ ውስጥ ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ካለ እንዴት ይስተካከል የሚለው ነው፤ ለዚህም አራት ቁጥሮች ይሰጣል፣ ወደ ጎን ምን ያህል ይሂድ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል፣ ወርዱ በስንት እጅ ይጥበብ ወይም ይስፋ፣ ቁመቱስ።

ኔትወርኩ ይህን እንዲማር ግን አስተማሪ ያስፈልገዋል። አስተማሪዎቹ በሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶዎች ላይ በየነገሩ ዙሪያ ትክክለኛውን ሳጥን በእጃቸው ያሰመሩ ሰዎች ናቸው። ችግሩ፣ ሰው ያሰመረው ሳጥን አንድ ሲሆን መልህቆቹ 21,600 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ «አንተ ይህን ሰው ይዘሃል» የሚባለው የትኛው ነው? የሚቀርበው፣ ቢባል መቅረብ በምን ይለካል?

በሁለቱ ሳጥኖች የጋራ ስፋት ነው፤ ግን የጋራው ስፋት ብቻውን ያታልላል። ሥዕሉን በሙሉ የሚሸፍን አንድ ግዙፍ ሳጥን ሰውየውን መቶ በመቶ ይይዘዋል፣ ነገር ግን የት እንዳለ ምንም አልነገረንም። ስለዚህ የጋራው ስፋት ሁለቱ ሳጥኖች ተደምረው ለሸፈኑት ጠቅላላ ስፋት ይካፈላል፤ የተደራረበው ቦታ በድምሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ኢንተርሴክሽን ኦቨር ዩኒየን፣ ባጭሩ አይኦዩ የሚሉት ይህን ውጤት ነው። ፍጹም ከገጠሙ 1፣ ጨርሶ ካልተነካኩ 0። ሒሳቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ዣካር የሁለት ቦታዎች ዕፅዋት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ለመለካት በ1901 የአልፕስ ተራሮችን ዕፅዋት ሲያነጻጽር የተጠቀመበት ነው፤ በሁለቱም ቦታ የተገኙት ዝርያዎች በአንዱ ወይም በሌላው ለተገኙት ሁሉ ሲካፈሉ። የተለወጠው የሚቆጠረው ብቻ ነው፤ በዝርያ ፋንታ ፒክስል።

ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ጨካኝ ነው። ወርዱ 100፣ ቁመቱ 200 ፒክስል የሆነ ሳጥን ያዙ፤ ስፋቱ 20,000 ነው። ትክክል ያንኑ የሚያህል ሌላ ሳጥን 20 ፒክስል ወደ ቀኝ፣ 20 ፒክስል ወደ ታች ፈቀቅ አድርጋችሁ ደርቡበት። የጋራ ቦታቸው 80 በ180፣ ማለትም 14,400 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 40,000 ነበር፤ የጋራው አንድ ጊዜ ሲቀነስ 25,600 ይቀራል። 14,400 ለ25,600 ሲካፈል 0.56። ሳጥኖቹን በዓይኑ ያየ ሰው «ትንሽ ሸሸ እንጂ ይዞታል» ይላል፤ አይኦዩ ግን ከግማሽ ብዙም አላለፈም።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። የፋስተር አር-ሲኤንኤን ደንብ እንዲህ ይላል፤ ሰው ካሰመረው ሳጥን ጋር አይኦዩው ከ0.7 በላይ የሆነ መልህቅ «ይዟል» ተብሎ ይማራል፤ ከማንኛውም ትክክለኛ ሳጥን ጋር ከ0.3 በታች የሆነው «ባዶ ነው» ተብሎ ይማራል፤ በመሐል ያለው ከትምህርቱ ውጭ ይደረጋል፣ ይዟልም አልያዘምም ማለት ስለሚያከራክር። ደንቡ የተሟላ ይመስላል። በአንድ ሰው ላይ ስንሞክረው ግን ይንገዳገዳል።

ወርዱ 120፣ ቁመቱ 300 ፒክስል የሆነ የቆመ ሰው አለ፤ ስፋቱ 36,000። ዕድል ቀንቶት አንድ የመልህቅ ነጥብ ልክ በመሐሉ ላይ አረፈ። ከዘጠኙ ሳጥኖች የተሻለው የትኛው ነው? መካከለኛው ቀጭን ሳጥን ወርዱ 181፣ ቁመቱ 362 ስለሆነ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ 36,000 ለ65,500 ገደማ ሲካፈል 0.55። ትንሹ ቀጭን ሳጥን ደግሞ በሰውየው ውስጥ ይገባና 0.46 ላይ ይቀራል። ካሬዎቹ ከዚህም ያንሳሉ። ከሃያ ሺህ በላይ ሳጥን ተደርድሮ፣ መሐሉ እንኳ በትክክል ተገጥሞ፣ 0.7 የደረሰ አንድም የለም። የመጀመሪያው ደንብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ከነጭራሹ ለትምህርት አይቀርብም ነበር። ስለዚህ ሌላ ደንብ ታከለበት፤ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ሳጥን ከሁሉ የተሻለ አይኦዩ ያለው መልህቅ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ «ይዟል» ይባላል። የኛ ሰው በዚህ በር ይገባል። ከዚያም ማስተካከያው ይመጣል፤ ወርዱ ሲሶ ያህል ይጥበብ፣ ቁመቱ ስድስተኛ ያህል ይቀነስ።

ማስተካከል ግን ወሰን አለው። 20 በ20 ፒክስል የሆነች ወፍ ትንሹ መልህቅ መሐል ላይ ብትቀመጥ 400 ለ16,384 ሲካፈል 0.02 ብቻ ነው የምታገኘው። በሁለተኛው ደንብ ትገባለች፤ ነገር ግን ሳጥኑ ወደ ስድስተኛው እንዲጠብ ነው የሚጠየቀው፣ ኔትወርኩ ደግሞ ያን ያህል ማጥበብን የሚማርባቸው ምሳሌዎች ጥቂት ናቸው። ትንንሽ ነገር ላይ ስሕተቱም ይከብዳል። አራት ፒክስል ወደ ቀኝና ወደ ታች መሸሽ ባለ 100 በ200ውን ሳጥን 0.89 ላይ ያስቀረዋል፤ ባለ 10 በ20ውን ግን 0.32 ላይ ይጥለዋል። ከሩቅ የሚታዩ ሰዎች በካሜራ ላይ ሳጥን ሳይደረግባቸው የሚያልፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ2017 ጀምሮ ብዙ ያልተጨመቁትን ሰንጠረዦችም እየተጠቀሙ ባለ 32 ፒክስል መልህቅ መትከል የተለመደው ለዚሁ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ዮሎ ደግሞ መጠኖቹን በግምት ከመምረጥ ይልቅ ሰዎች ካሰመሯቸው ሳጥኖች ውስጥ ተመሳሳዮቹን በአይኦዩ እየቧደነ አምስት ልኮችን ከመረጃው አወጣ። እኔ ብጠየቅ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትክክለኛው አካሄድ ይህ ይመስለኛል፤ ልኩ ከገዢዎቹ ሲወሰድ ይሻላል።

ትምህርቱ አልቆ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንድ ሰው በአንድ መልህቅ ብቻ አይያዝም፤ ጎረቤት መልህቆችም ያዩታል፣ እያንዳንዳቸው ሳጥናቸውን አስተካክለው «ይዤዋለሁ» ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ አሥር፣ ሃያ ሳጥን ይደራረባል። ይህን የሚያጠራው ኖን-ማክሲመም ሰፕሬሽን፣ በምሕጻረ ቃል ኤንኤምኤስ፣ የተባለው እርምጃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ሳጥን ያዝ፤ ከእሱ ጋር አይኦዩው ከመቁረጫ ነጥቡ በላይ የሆነውን ሁሉ ሰርዝ፤ ከቀሩት ውስጥ ከፍተኛውን ያዝና ድገም። የሚማረው ነገር የለም። ደንብ ነው፣ በቃ።

ተጠጋግተው የቆሙትን ሁለት ሰዎች በዚህ ደንብ እናሳልፋቸው። ሒሳቡ እንዲቀል ሳጥኖቹ ሁሉ ቁመታቸው እኩል፣ ወርዳቸውም 120 ፒክስል ይሁን፤ የሚለያዩት ወደ ጎን ብቻ ነው። ኔትወርኩ አራት ሳጥን ሰጥቷል። የመጀመሪያው ከ200 እስከ 320 ይደርሳል፤ ፊት ለፊት የቆመችው ሴት ናት፣ ነጥቡ 0.95። ሁለተኛው ከ210 እስከ 330፣ ነጥቡ 0.90፣ ያችው ሴት በድጋሚ የተያዘችበት ነው። ሦስተኛው ከ235 እስከ 355፣ ነጥቡ 0.85፤ ከኋላዋ በከፊል ተሸፍኖ የቆመው ሰውዬ ነው። አራተኛው ከ165 እስከ 285፣ ነጥቡ 0.60፤ ሴትዮዋን ወደ ግራ ሸሽቶ በደካማው የያዘ ሳጥን ነው። ትክክለኛው መልስ ሁለት ሰው ነው።

መቁረጫ ነጥቡ በብዛት እንደሚደረገው 0.5 ይሁን። የ0.95ቱ ይያዛል። ሁለተኛው ከእሱ ጋር 110 ለ130፣ ማለትም 0.85 ስለሚደራረብ ይሰረዛል፤ ጥሩ። ሦስተኛው 85 ለ155፣ 0.55 ነው፤ ይሰረዛል። አራተኛውም በሌላው ወገን 85 ለ155፣ 0.55፤ ይሰረዛል። ውጤት፦ አንድ ሰው። ሰውዬው የለም። ኔትወርኩ አይቶት ነበር፣ ያውም በ0.85 እርግጠኝነት፤ የሰረዘው ደንቡ ነው።

መቁረጫውን ወደ 0.6 ከፍ እናድርገው። አሁን ሰውዬው ይተርፋል። ደካማው አራተኛ ሳጥንም አብሮ ይተርፋል። ውጤት፦ ሦስት ሰው።

በሁለቱ መሐል የትኛውንም ቁጥር ብትመርጡ ሁለት አይመጣም፤ ሰውዬውና ቅጂው ከሴትዮዋ ጋር ያላቸው አይኦዩ አንድ ዓይነት ስለሆነ። ለዚህ ክፍልፋይ አንድ ሰው በድጋሚ መያዙና ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው መቆማቸው ልዩነት የላቸውም። ከ0.7 በታች ነጥብ ያለውን በሙሉ ብንጥልስ? እዚህ ፎቶ ላይ ይሠራል። ግን ከሩቅ ያሉትና በከፊል የተሸፈኑትም በአብዛኛው ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ናቸው፤ አብረው ይጠፋሉ። የገበያ ወይም የሰልፍ ሕዝብ በካሜራ ሲቆጠር ቁጥሩ ወደ ታች የሚያዘነብለው አንድም በዚህ ነው።

በ2017 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሶፍት ኤንኤምኤስ የሚባል ማሻሻያ አቀረቡ። የተደራረበውን ሳጥን ከመሰረዝ ይልቅ በተደራረበው ልክ ነጥቡን መቀነስ ነው፤ ለውጡ አንድ መስመር ኮድ ነው። የኛን ምሳሌ እንሞክረው። የሰውዬው 0.85 በ0.45 ሲባዛ 0.38 ይሆናል። የደካማው ቅጂ 0.60 ወደ 0.27 ይወርዳል። የ0.90ው ድጋሚ ወደ 0.14፣ በሚቀጥለው ዙር ከሰውዬው ጋር ስለሚደራረብም ከዚያ በታች። መጨረሻ ላይ ከ0.3 በላይ የሆነ ይቅር ብንል ሁለት ሰው ይቀራል። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ግን 0.3ንም የመረጥነው እኛ መሆናችንን ነው። 0.4 ብንል ኖሮ ሰውዬው እንደገና ይጠፋ ነበር።

ማጣራቱ በአብዛኛው በየዓይነቱ ለየብቻ የሚደረግ መሆኑም የራሱ መዘዝ አለው። «መኪና» የተባለ ሳጥን «አውቶቡስ» የተባለውን አይሰርዝም። ኮኮ የተባለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑበት የፎቶ ስብስብ፣ 80 ዓይነቶች ሲኖሩት መኪና፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና አሉበት፤ ሚኒባስና ባጃጅ ግን የሉበትም። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ያየ ፕሮግራም በአንዱ ታክሲ ላይ ሁለት ሳጥን፣ አንዱን «መኪና» ሌላውን «አውቶቡስ» ብሎ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለቱም ከማጣሪያው በሰላም ያልፋሉ።

ይህ ክፍልፋይ ሦስተኛም ሥራ አለው፤ ፈተና ያርማል። ፓስካል ቪኦሲ በተባለው የቆየ ውድድር ከትክክለኛው ሳጥን ጋር 0.5 የደረሰ አለፈ ይባል ነበር፤ ኮኮ ግን ከ0.5 እስከ 0.95 በአሥር ደረጃ እየፈተነ አማካዩን ይወስዳል። የፕሮግራም ማስታወቂያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ስታነጻጽሩ በየትኛው እንደተፈተኑ ካልተጻፈ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አንድ ሰው ሳጥን ሳይደረግበት ሲቀር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ መንገድ አለ፤ ከማጣራቱ በፊት የነበሩትን ሳጥኖች አትሞ ማየት። ሰውዬው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ጥሩ ነጥብ ይዞ ካለ፣ የሰረዘው ኤንኤምኤስ ነው፤ መቁረጫውን መነካካት ወይም ሶፍቱን መሞከር ይገባል። ከዝርዝሩም ከሌለ ወይም ነጥቡ እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነ ማጣሪያውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሰዎቹን ሳጥኖች ወርድና ቁመት አውጥቶ ከመልህቆቹ ልክ ጋር ማስተያየት ይቀድማል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተገላቢጦሹ ነው፣ ተጨማሪ ፎቶ ከመሰብሰብ።

በ2020 ከፌስቡክ የምርምር ክፍል የወጣው ዴተር መልህቁንም ማጣሪያውንም አስወገደ። ኔትወርኩ 100 ባዶ ቦታዎች ይሰጡታል፤ ሲሠለጥን እያንዳንዱ ሰው ያሰመረው ሳጥን ከአንድ ቦታ ጋር ብቻ፣ አንድ ለአንድ፣ ይጣመራል፣ የተረፉት ቦታዎች «ምንም የለም» ማለትን ይማራሉ። ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ የጠራ ቦታ በትምህርቱ ላይ ስለሚቀጣ ቅጂ አያበዛም፤ የኛ ሰውዬም ተጠግቶ በመቆሙ ብቻ የሚሰርዘው ደንብ የለም። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ረጅም ሥልጠና ነው፤ በትንንሽ ነገሮች ላይም በመጀመሪያው ቅርጹ ከፋስተር አር-ሲኤንኤን ያነሰ ውጤት አስመዝግቧል። ሥዕሉ ላይ 150 ሰው ካለ ደግሞ ቦታው 100 ብቻ ነው።